ሦስት ቁጥር ምስክር አይሆንም

«መምህር፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። በካልኩለስ ፈተና ላይ x ወደ 0 ሲጠጋ 1/x² ወደ ∞ እንደሚሄድ በፍቺው አረጋግጡ ተባልን። እኔ 0.1፣ 0.01 እና 0.001 አስገብቼ 100፣ 10,000 እና 1,000,000 አገኘሁ፤ ‹ስለዚህ 1/0 = ∞› ብዬ ደመደምኩ። ከ10 ያገኘሁት 2 ነው። መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ ለምን ይቆረጥብኛል? የመልስ ወረቀቱ ደግሞ ‹δ = 1/√M ይሁን› ብሎ ይጀምራል፤ ይህ ቁጥር ከየት እንደመጣ የሚናገር አንድ መስመር የለም። ሸምድደን ነው የምናልፈው?»

መልሱማ በጥያቄው ላይ ተጽፎ ተሰጥቶሃል። ወደ ∞ እንደሚሄድ የነገረህ ፈታኙ ራሱ ነው፤ ከአንተ የተፈለገው ማረጋገጫው ብቻ ነበር። ስለዚህ «መልሱ ትክክል ሆኖ ሳለ» የሚለው አቤቱታ አይቆምም። እኔ ባርመው ኖሮም ከ2 በላይ አልሰጥም ነበር፤ ምክንያቱን ደግሞ ከሠንጠረዡ ልጀምር፤ ዋናው ስሕተት ያለው እዚያ ነውና።

ሠንጠረዥህ የተናገረው ስለ ሦስት ነጥቦች ብቻ ነው። በ0.1 እና በ0.01 መካከል፣ እንዲሁም ከ0.001 ወዲህ እስከ ዜሮ ድረስ ስላሉት ቁጥሮች ምንም አልተናገረም። «ቢሆንም አካሄዱ ይታያል» ትለኝ ይሆናል። እንግዲያውስ ሌላ ፈንክሽን ልስጥህ፦ g(x) = cos²(π/x)/x²። ካልኩሌተርህን በዲግሪ ሳይሆን በራዲያን አስተካክለህ 0.1 አስገባ። π/0.1 ማለት 10π ነው፤ የ10π ኮሳይን 1 ነው፤ ስለዚህ g(0.1) = 100። በ0.01 ላይ ኮሳይኑ የ100π ነው፤ እሱም 1 ነው፤ ስለዚህ 10,000። በ0.001 ላይ 1,000,000። ሠንጠረዡ ያንተው ሠንጠረዥ ነው፤ በአንዲት አሐዝ እንኳ አይለይም።

አሁን 2/21ን አስገባ። ይህ ቁጥር 0.0952 ገደማ ስለሆነ ከ0.1 ይልቅ ለዜሮ ይቀርባል። π/x አሁን 10.5π ይሆናል፤ የ10.5π ኮሳይን ዜሮ ስለሆነ g ራሱ ዜሮ ነው። 2/201ን ብትወስድ ከ0.01 ትንሽ ወደ ዜሮ ይጠጋል፤ እዚያም ዜሮ ነው። 2/2001 ላይም እንዲሁ። ይህ ፈንክሽን ወደ ዜሮ በተጠጋን ቁጥር ከፍታው እየጨመረ የሚሄድ ተራራ አለው፤ በተራሮቹ መካከል ግን ሁልጊዜ መሬት ድረስ ይወርዳል። ወደ ∞ አይሄድም። በአንተ ሠንጠረዥ ከተፈረደ ግን ይሄዳል ተብሎ ይፈረዳል። አንድ ማስረጃ እውነቱንም ሐሰቱንም እኩል የሚያስፈርድ ከሆነ ማስረጃ አይደለም፤ ነጥብህ የተቆረጠው ለዚህ ነው።

ይህ ፈንክሽን አንድ ልዩነት በግልጽ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። «ወሰን የለውም» እና «ወደ ∞ ይሄዳል» አንድ አይደሉም። g በዜሮ አካባቢ ወሰን የለውም፤ የፈለግከውን ያህል ትልቅ ዋጋ የሚይዝበት ነጥብ ታገኛለህ። ወደ ∞ ለመሄድ ግን አንዳንድ ነጥብ ላይ ትልቅ መሆን አይበቃም፤ ከተወሰነ ርቀት ወዲህ ያሉት ነጥቦች በሙሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ትልቅ መሆን አለባቸው። ቀጥሎ የምጽፈው ፍቺ የተቀረጸው ይህን «አንድም ሳይቀር» ለመያዝ ነው።

የሠንጠረዥ ማታለል በሌላ መልክም ይመጣል። h(x) = 1/(x² + 10⁻¹²) የሚለውን ተመልከት። በ0.1 ላይ ከ100 የማይለይ ነገር ይሰጥሃል፤ በ0.001 ላይ 999,999 ገደማ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን አንድ ብቻ ጎደለ። ይሁንና ይህ ፈንክሽን በዜሮ ላይ 10¹² ይደርስና ይቆማል፤ ከዚያ በላይ አንድ ስንዝር አይሄድም። እዚህ ቱሉ ዲምቱ መብራት ሲጠፋ የእጅ ባትሪ ይዘን እናስጠናለን፤ አንድ ተማሪ የብርሃን ጥንካሬ በርቀቱ ስኩዌር ተገላቢጦሽ እንደሚቀንስ በፊዚክስ ተምሮ ኖሮ፣ «ወረቀቱን አምፖሉ ላይ ባስነካው ብርሃኑ ወሰን የለሽ ሊሆን ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አይሆንም፤ 1/x² የሚለው ሕግ የተጻፈው ስፋት ለሌላት የብርሃን ነጥብ ነው፤ አምፖሉ ግን ስፋት አለው፤ በጣም ስትቀርበው ሕጉ አይሠራም። በተፈጥሮ የሚያጋጥሙን ብዙዎቹ «1/x²» በእውነቱ h ናቸው። ከሩቅ ሲታዩ ግን አይለዩም።

ወደ «1/0 = ∞» ልምጣ። ይህ አባባል ስሕተት ብቻ አይደለም፤ ለጥያቄው አያስፈልግምም። አንድን በዜሮ ማካፈል ማለት በዜሮ ሲባዛ አንድ የሚሰጥ ቁጥር መፈለግ ነው፤ እንዲህ ያለ ቁጥር የለም። ∞ ደግሞ በካልኩለስ ቁጥር አይደለም፤ ስለዚህ የማካፈል ውጤት ሆኖ ሊመጣ አይችልም። ምልክቱን በ1655 ያስተዋወቀው እንግሊዛዊው የሒሳብ ሰው ጆን ዋሊስ ነው፤ እሱ ራሱ እንደ ቁጥር ያህል ይጠቀምበት ነበር፤ ሊሚት ዛሬ የምንማረውን ጥብቅ ፍቺ ያገኘው ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ካልኩሌተርህ በዚህ ጉዳይ ከአንተ ይልቅ ጠንቃቃ ነው፤ 1÷0 ብትለው `Math ERROR` ይልሃል እንጂ ∞ አይልህም። ይህን አይተህ ግን ካልኩሌተሩን ዳኛ እንዳታደርገው። በየተማሪው እጅ ያለው ካልኩሌተር ከ10⁻⁹⁹ ያነሰውን ቁጥር እንደ ዜሮ ስለሚቆጥር፣ 10⁻⁵⁰ን አስገብተህ 1/x² ብትጠይቀው ያንኑ ስሕተት ይጽፍልሃል፤ እውነተኛው መልስ ግን 10¹⁰⁰ የሚባል የታወቀ ቁጥር ነው።

ሊሚት ደግሞ በዜሮ ላይ ምን እንደሚሆን ከነአካቴው አይጠይቅም። የሚጠይቀው በዜሮ ዙሪያ ስላሉት ቁጥሮች ነው። በፍቺው ላይ 0 < |x| ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው፤ ዜሮን ራሱን ከወሬው ያስወጣዋል። ስለዚህ በማረጋገጫህ ውስጥ 1/0 የሚል ነገር ከታየ ካልተጠየቅከው ቦታ ገብተሃል ማለት ነው።

ፍቺው እንዲህ ነው፦ x ወደ 0 ሲጠጋ f(x) ወደ ∞ ይሄዳል የምንለው፣ ለማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር M፣ አንድ ፖዘቲቭ ቁጥር δ ተገኝቶ፣ 0 < |x| < δ የሆነ x ሁሉ f(x) > M የሚያደርግ ሲሆን ነው። በቃ። «የምንለው» ከሚለው ቃል ቀጥሎ ባለው የፍቺው አካል ውስጥ ∞ አለመኖሩን ልብ በል። «መጠጋት» የሚል ግስም እዚያ የለም። ያሉት ተራ ቁጥሮችና የመብለጥና የማነስ ምልክቶች ናቸው። ∞ የዚህ ሁሉ አጭር ስም ነው።

ይህን ፍቺ ለተማሪዎቼ የማስረዳው በድሮው ሙግት ነው። ተሟጋቾች ፊት ለፊት ቆመው «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በተራ ይከራከሩ እንደነበር ታውቃለህ። እዚህም ሁለት ተሟጋቾች አሉ። አንዱ «ወደ ∞ አይሄድም» ባይ ነው፤ አንተ «ይሄዳል» ባይ ነህ። መጀመሪያ እሱ አንድ ወሰን ይጠራል፤ ይህ M ነው። «ከአንድ ሚሊዮን አያልፍም» ይላል። ቀጥሎ አንተ ርቀት ትጠራለህ፤ ይህ δ ነው። «ከ0.001 ባነሰ ርቀት ውስጥ ግባ» ትለዋለህ። በመጨረሻ እሱ እንደገና ተራ አለው፤ በሰጠኸው ርቀት ውስጥ፣ ከዜሮ በቀር፣ ደስ ያለውን x ይመርጣል። በዚያ x ላይ ፈንክሽኑ ከጠራው ወሰን ከበለጠ ረታህ። ካልበለጠ ተረታህ። ማረጋገጥ ማለት አንድ ጊዜ መርታት አይደለም፤ እሱ ምንም ቢጠራ፣ ምንም ቢመርጥ የማትረታበትን መልስ አስቀድሞ ማዘጋጀት ነው።

ተራው መጠበቁ ወሳኝ ነው። δ የሚጠራው M ከተጠራ በኋላ ነው፤ ስለዚህ በM ላይ መመሥረት ይችላል፤ መመሥረትም አለበት። ባለጋራህ ገና ሳይናገር «የኔ ርቀት 0.01 ነው» ብለህ ብትጣደፍ፣ እሱ አንድ ሚሊዮንን ይጠራና x = 0.005 ይመርጣል፤ 1/x² እዚያ 40,000 ብቻ ነው፤ ተረታህ። በሌላ በኩል x የሚመረጠው ከδ በኋላ ስለሆነ δ በx ላይ መመሥረት አይችልም። ባለፈው ቅዳሜ አንድ ጎበዝ ልጅ ሰሌዳው ላይ ወጥቶ «δ = 2|x| ይሁን» ብሎ ጻፈ። ሰሌዳችን የአሮጌ ቁም ሣጥን በር ነው፤ ጠመኔው እየተንሸራተተ አስቸገረው እንጂ የጻፈው ግልጽ ነበር። «x ማን ነው?» አልኩት። «እሱ የሚመርጠው» አለኝ። «መቼ መረጠው?» ስለው ጠመኔውን ይዞ ዝም አለ፤ ከዚያ በእጁ መዳፍ አጠፋው። ይህን ስሕተት በሌላ መንገድ ማስረዳት አልተሳካልኝም፤ ማን መቼ እንደሚናገር ሲጠየቁ ግን ሁሉም ይገባቸዋል።

አሁን 1/√M ከየት እንደመጣ። መልሱ፦ ከረቂቅ ወረቀት። የመልስ ወረቀቱን ያዘጋጀው ሰው ሥራውን የጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ረቂቁን ግን ቀዶ ጥሎታል። እኛ እንሥራው። የምንፈልገው 1/x² > M እንዲሆን ነው። x ዜሮ ስላልሆነ x² ፖዘቲቭ ነው፤ M ፖዘቲቭ ነው። ሁለት ፖዘቲቭ ቁጥሮች ሲገለበጡ፣ ላዕሉ ታህት ታህቱ ላዕል ሲሆን ማለት ነው፣ የበለጠው ያንሳል፤ ስለዚህ x² < 1/M ይሆናል። የሁለቱንም ወገን ስኩዌር ሩት ስንወስድ |x| < 1/√M እናገኛለን። የምንፈልገው ነገር |x| ከ1/√M ማነስ ሆኖ ተገኘ፤ ርቀታችንም ይኸው ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ቦታ ቀስ በል። የx² ስኩዌር ሩት |x| ነው እንጂ x አይደለም። «x < 1/√M» ብለው የሚጽፉ ብዙ ናቸው፤ ትንሽ ግድፈት ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ማረጋገጫውን ያፈርሳል። x = −5 ከማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር ያንሳል፤ ስለዚህ x < 1/√M የሚለውን ያሟላል፤ 1/x² ግን እዚያ 0.04 ነው። ፍጹም ዋጋው ሲጻፍ በቁጥር መስመር ላይ ከዜሮ ግራና ቀኝ እኩል ርቀት ይታጠራል፤ ሳይጻፍ ሲቀር ግን የግራው አጥር የለም፤ ሜዳው ክፍት ነው።

ወደ ጽሑፉ ከመሄዳችን በፊት በአንድ ቁጥር እንፈትነው። M = 10,000 ይጠራ። √M = 100 ነው፤ ስለዚህ δ = 0.01። ባለጋራህ ሊያስጨንቅህ ከፈለገ ጠርዙ አካባቢ ይመርጣል፤ x = 0.0099 ይበል። x² = 0.00009801 ነው፤ 1/x² ደግሞ 10,203 ገደማ። ከ10,000 በለጠ። x = −0.0099 ቢልም ስኩዌሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ውጤቱ ያው ነው። x = 0.01 ራሱን ቢመርጥስ? ያኔ 1/x² ልክ 10,000 ይሆናል፤ እኩል ሆነ እንጂ አልበለጠም። ግን እንዲመርጠው አልተፈቀደለትም፤ ፍቺው |x| < δ ይላል እንጂ |x| ≤ δ አይልም። ስለዚህ የማነሱን ምልክት በእኩል ማነስ ብትተካው ማረጋገጫህ በዚያች በአንዷ ነጥብ ምክንያት ይወድቃል። በM ላይ ቁጥሩ ስኩዌር ያልሆነ ሲመጣም መደንገጥ አያስፈልግም። M = 50 ቢባል δ = 1/√50፣ ማለትም 0.1414 ገደማ ነው። 0.14 ሲገባ 51 ገደማ ይሰጣል፤ ከክልሉ ውጪ ያለው 0.15 ግን 44.4 ብቻ ነው።

እንግዲህ ፈተናው ላይ መጻፍ የነበረብህ ይህ ነው፦

M > 0 የተሰጠ ማንኛውም ቁጥር ይሁን። δ = 1/√M እንምረጥ፤ M ፖዘቲቭ ስለሆነ δም ፖዘቲቭ ነው። አሁን 0 < |x| < δ የሆነ ማንኛውንም x እንውሰድ። ሁለቱም ወገን ፖዘቲቭ ስለሆኑ ስኩዌር ስናደርጋቸው ቅደም ተከተላቸው አይለወጥም፤ ስለዚህ 0 < x² < δ² = 1/M። ሁለቱም ፖዘቲቭ ስለሆኑ ስንገለብጣቸው 1/x² > M። M ማንኛውም ፖዘቲቭ ቁጥር ስለነበረ፣ x ወደ 0 ሲጠጋ 1/x² ወደ ∞ ይሄዳል።

ስድስት ዓረፍተ ነገር ነው። ረቂቁና ንጹሑ በተቃራኒ አቅጣጫ እንደሚሄዱ አስተውል። ረቂቁ ከሚፈለገው ከ1/x² > M ተነሥቶ ወደ δ ይሄዳል፤ ንጹሑ ከδ ተነሥቶ ወደ 1/x² > M ይደርሳል። ብዙ ተማሪ ረቂቁን ጽፎ ያቆማል፤ «1/x² > M ስለዚህ |x| < 1/√M» ብሎ ይጨርሳል። ይህ መረጋገጥ ያለበትን እንደ መነሻ መውሰድ ነው። በዚህ ጥያቄ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ወደ ኋላም ስለሚሠራ ጉዳቱ አይታይም፤ ረቂቁን ገልብጦ ማንበብ ይበቃል። ነገር ግን በመንገድ ላይ አንድ ግምት ስትጨምር፣ ለምሳሌ «|x| < 1 ነው እንበል» ስትል፣ የመመለሻው መንገድ በራሱ አይከፈትም፤ ያንን ግምት በδ ውስጥ ካላስገባኸው ትወድቃለህ።

ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ ልንገርህ። ስኩዌር ሩት የሰለቸው አንድ ተማሪ «δ = 1/M ብወስድስ?» ይላል። M = 10,000 ሲሆን δ = 0.0001 ይሆናል፤ ከሚያስፈልገው በላይ ጠባብ ነው፤ ግን ይሠራል። δ አንድ ብቻ መሆን የለበትም፤ የሚሠራ δ ከተገኘ ከእሱ የሚያንስ ሁሉ ይሠራል። ጠባብ መስጠት ወንጀል አይደለም፤ ወንጀሉ ሰፊ መስጠት ነው። ባለጋራው ብልህ ከሆነ ግን ትልቅ ሳይሆን ትንሽ M ይጠራል፤ M = 1/4 ይላል። ያኔ 1/M = 4 ነው፤ x = 3 ይመርጣል፤ 1/x² = 1/9 ነው፤ ከ1/4 ያንሳል። ተረታህ፤ ያውም ባላሰብከው በኩል። x² < 1/M² መሆኑ x² < 1/M እንዲሆን የሚያስችለው M ቢያንስ 1 ሲሆን ብቻ ነው። መፍትሔው δ ከ1 እና ከ1/M የሚያንሰው ይሁን ማለት ነው፤ M ከ1 ካነሰ |x| < 1 ስለሚሆን 1/x² ከ1 ይበልጣል፤ ከMም ይበልጣል። ይሠራል፤ ግን ምን አተረፍክ? አንድ ስኩዌር ሩት ለማምለጥ ሁለት ጉዳይ ለየብቻ ማየት ተጨመረብህ። ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው፦ ለ1/x² ሁልጊዜ 1/√M ተጠቀም፤ ብልጠቱን ስኩዌር ሩቱ ለማይወጣ ፈንክሽን አቆየው።

ነጥብ የሚቆረጥበት ሌላው ቦታ M ነው። «M = 1,000,000 ይሁን» ብሎ ጀምሮ δ = 0.001 አግኝቶ የሚጨርስ ወረቀት ብዙ ጊዜ አያለሁ። አሠራሩ ሁሉ ትክክል ይሆናል፤ ግን የተረታው አንድ ባለጋራ ብቻ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን የሚለው ገና ወረፋ ይዟል። ከላይ ያየነው h ለአንድ ቢሊዮን እንኳ መልስ አለው፤ የሚረታው 10¹² ሲጠራ ነው። M ፊደል ሆኖ እስከ መጨረሻው መዝለቅ አለበት። ለመለማመድ ቁጥር ማስገባቱ ጥሩ ነው፤ እኔም ከላይ አድርጌዋለሁ፤ ቦታው ግን ረቂቁ ላይ ነው።

«ሊሚቱ ∞ ነው» ስትል ሊሚት አለው ማለትህ ነው ወይስ የለውም? በፈተና ላይ «ሊሚቱ አለ ወይስ የለም» የሚል ምርጫ ሲመጣ ብዙዎች ይጋጩበታል። ሊሚት አለ ሲባል በካልኩለስ ልማድ የሚፈለገው አንድ ቁጥር ነው፤ 1/x² የሚጠጋው ቁጥር የለም፤ ስለዚህ እንደ ቁጥር ሊሚት የለውም። «= ∞» የሚለው ጽሑፍ ሊሚት እንዴት እንዳጣ ይነግርሃል። g እና 1/x² ሁለቱም ሊሚት የላቸውም፤ «= ∞» የሚገባው ግን ሁለተኛው ብቻ ነው።

አሁን ስድስቱን ዓረፍተ ነገሮች ሳታይ ጻፋቸው። ቀጥሎ 1/x² የሚለውን በ1/x ተክተህ እንደገና ጻፍና የትኛው መስመር እንደሚሰበር ፈልግ። δ = 1/M ትመርጣለህ፤ 0 < |x| < 1/M ትላለህ፤ ስትገለብጠው 1/|x| > M ታገኛለህ፤ እስካሁን ሁሉም ደህና ነው። ከ1/|x| ወደ 1/x ልትሻገር ስትል ግን ድልድይ የለም። በ1/x² ላይ ሳትከፍል ያለፍክበት x² = |x|² የሚለው እኩልነት እዚህ የለህም። ባለጋራህ M = 100 ጠርቶ x = −0.001 ቢመርጥ 1/x = −1,000 ይሆናል። ከቀኝ በኩል ብቻ ብትቀርብ ወደ ∞ ይሄዳል፤ ከግራ ወደ −∞ ይሄዳል። ሠንጠረዥህን ግን 0.1፣ 0.01 እና 0.001 ብለህ በ1/x ሞልተኸው ቢሆን 10፣ 100 እና 1,000 ያሳይህ ነበር፤ ስለ ግራው ወገን አንድ ቃል ሳይተነፍስ።